የሰኔ ዝናብና የነሐሴ ዝናብ በአንድ ጅረት ላይ

በሰኔ መጀመሪያ 20 ሚሊሜትር ዝናብ ይዘንባል። በነሐሴ አጋማሽም ልክ ያንኑ ያህል ይዘንባል። ከመንደሩ በታች ያለው ጅረት ግን ሁለቱን ቀን እኩል አይሞላም። በሰኔ በበጋው የደረቀው መሬት አብዛኛውን ውኃ ይጠጣዋል፤ በነሐሴ አፈሩ ጠግቧልና የሚወርደው ብዙ ነው። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጎጃም ውስጥ በአንጀኒ፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንዲት ጥድ፣ ወሎ ውስጥ በማይባር በአነስተኛ ተፋሰሶች ላይ ሲካሄድ የቆየው የዝናብና የጅረት ልኬትም ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ወደ ጅረት የሚወርደው ድርሻ እንደሚጨምር አሳይቷል። ለጂኦግራፊ የመስክ ሥራ ርዕስ ለሚፈልግ ተማሪ እኔ የምመርጥለት ይህን ጥያቄ ነው። «የአካባቢያችን የዝናብ ሁኔታ» ከሚል ሰፊ ርዕስ ይልቅ በአንድ ክረምት መልስ የሚገኝለት ነውና።

ዝናቡን ለመለካት ጎኑ ቀጥ ያለ ሃይላንድ ይበቃል። አንገቱ ጋ ተቆርጦ የላይኛው ክፍል ተገልብጦ እንደ ማጥለያ ይገባበታል። የሃይላንድ ቂጥ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠርና ውኃ ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ይሞላል፤ ዜሮው እዚያ ላይ ይሰመራል። ከዚያ በላይ በማስመሪያ የሚነበበው እያንዳንዱ ሚሊሜትር በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው። ዕቃው ከዛፍና ከጣሪያ ይራቅ፤ በአጠገቡ ያለው ዛፍ 5 ሜትር ከሆነ ቢያንስ 10 ሜትር ፈቀቅ ይበል። ንባቡ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይሁን፤ ጠዋት 3 ሰዓት ጥሩ ነው። ከተነበበ በኋላ ውኃው እንደገና ዜሮው መስመር ላይ መመለስ አለበት፤ በፀሐይ ተንኖ ከመስመሩ በታች ከወረደ የሚቀጥለው ዝናብ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይመዘገባል።

የጅረቱ ልኬት የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀጥ ብሎ የሚፈስ፣ ትልልቅ ድንጋይ ያልበዛበት 10 ሜትር ርዝመት ይመረጥና በሁለቱም ጫፍ ገመድ ይወጠራል። 3 ሜትር ስፋት ያለው ጅረት ነው እንበል። በየግማሽ ሜትሩ በተለካ እንጨት ጥልቀቱን ብንወስድ 12፣ 25፣ 31፣ 27 እና 15 ሳንቲሜትር አገኘን። ድምሩ 1.10 ሜትር ነው፤ በ0.5 ሜትር ሲባዛ የውኃው መቆራረጫ ስፋት 0.55 ካሬ ሜትር ይሆናል። ቀጥሎ ብርቱካን ከላይኛው ገመድ ትንሽ ከፍ ብሎ ይጣላል። ብርቱካን የሚመረጠው አብዛኛው አካሉ ውኃ ውስጥ ስለሚሰምጥ ነፋስ ስለማይገፋው ነው። አምስት ጊዜ ተደጋግሞ አማካዩ 25 ሰከንድ ከሆነ የላይኛው ውኃ ፍጥነት በሰከንድ 0.4 ሜትር ነው። ታችኛው ውኃ ግን ከአልጋው ጋር እየተፋተገ ዘግየት ስለሚል ይህ በ0.8 ገደማ ይባዛል፤ 0.32 ይሆናል። በ0.55 ሲባዛ በሰከንድ 0.176 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 176 ሊትር ነው። ጥልቀቱ ትንሽ፣ አልጋው ድንጋያማ ከሆነ ማባዣው ከ0.8 በታች ይወርዳልና ውጤቱ ግምት መሆኑ በሪፖርቱ ላይ ይጻፍ።

በሙላት ጊዜ ማንም ተማሪ ጅረት ውስጥ አይግባ። ይህን አጥብቄ የምናገረው እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከላይ ተራራው ላይ የዘነበው ድንገት ሊደርስ ስለሚችል ነው። ይልቅ ውኃው ሰከን ባለ ጊዜ ሳንቲሜትር የተሰመረበት እንጨት ዳር ላይ ይተከል፤ በተለያየ የውኃ ከፍታ ብርቱካኑ እየተጣለ «እንጨቱ ይህን ሲያሳይ ፍሰቱ ይህን ያህል ነው» የሚል ሠንጠረዥ ይሠራ። ሙላት ሲመጣ ከዳር ሆኖ እንጨቱን በየ15 ደቂቃው ማንበብ ይበቃል። ከተለካው ከፍታ በላይ ሲሆን ግን ሠንጠረዡ አያስተማምንም።

አሁን ሁለቱ ይገናኛሉ። በ1:50,000 ካርታ ላይ የተፋሰሱ ድንበር በጋራው ጫፍ ተከትሎ ይሰመራል፤ በዚያ ካርታ 4 ካሬ ሳንቲሜትር 1 ካሬ ኪሎሜትር ነው። በ1 ካሬ ኪሎሜትር ላይ 20 ሚሊሜትር ሲዘንብ 20,000 ሜትር ኩብ ውኃ ወረደ። ጅረቱ ከቀድሞው ፍሰቱ በላይ በአማካይ 200 ሊትር በሰከንድ ለሦስት ሰዓት ቢጨምር 2,160 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 11 በመቶ ገደማ ወረደ ማለት ነው። ይኸው ስሌት በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ሲደጋገም የመሬቱ ጥጋብ በቁጥር ይታያል።

አንድ ነገር ግን ውጤቱን ሊያበላሽ ይችላል። የደጋ ዝናብ እጅግ ይቆራረጣል፤ ሃይላንዱ ባዶ ሆኖ ጅረቱ ቢሞላ ዝናቡ በሌላው ጋራ ላይ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሃይላንድ ከታች፣ አንድ ደግሞ ከላይ ይቀመጥ፤ የሁለቱ ንባብ እጅግ የተራራቀበት ቀን ከስሌቱ ወጥቶ ለብቻው ይመዝገብ።