የዓሳ ዘይት፦ ለትራይግሊሰራይድ ስንት ነው? ኦፕሬሽን ሲደርስስ ይቆማል?

ከወልቂጤም ከቡታጅራም ሁለት ጥያቄዎች እየተደጋገሙ ይደርሱኛል። አንደኛው፣ «ዶክተር፣ ትራይግሊሰራይድ ከፍ ብሏል ተባልኩ፤ ከውጭ የተላከልኝን የዓሳ ዘይት በቀን አንድ ፍሬ እየወሰድኩ ነው፣ ይበቃል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ኦፕሬሽን ቀጠሮ አለኝ፣ የዓሳ ዘይት ደም ያቀጥናል አሉኝ፣ ምን ላድርግ?» የሚል። ሁለቱም መልስ የሚያገኙት ከአንድ ነገር ነው፦ የምትወስዱት ስንት ነው?

ምሳሌ እንውሰድ። የ48 ዓመት የቡታጅራ ነጋዴ ነው እንበል። በባዶ ሆዱ ሲመረመር ትራይግሊሰራይዱ 640 ሆነ። ጤናማው ከ150 በታች ነው። ስኳሩም በባዶ ሆድ 210 ወጣ። ማታ ማታ አረቄ ይቀምሳል። እህቱ ከአሜሪካ የላከችለትን የዓሳ ዘይት በቀን አንድ ፍሬ ይውጣል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ የቡአ ኦፕሬሽን ቀጠሮ አለው።

መጀመሪያ ዕቃውን ገልብጣችሁ ጀርባውን አንብቡ

ከፊት ለፊት በትልቁ «1000 ሚሊግራም» ተብሎ ይጻፋል። ይሄ የዘይቱ ክብደት ነው። ሥራውን የሚሠሩት በውስጡ ያሉት ኢፒኤ እና ዲኤችኤ የሚባሉ ሁለት የኦሜጋ 3 ዓይነቶች ናቸው፤ መጠናቸው ከጀርባ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል። በተለመደው ፍሬ ውስጥ ኢፒኤው 180፣ ዲኤችኤው 120፣ በድምሩ 300 ሚሊግራም ነው። የቀረው ሌላ ስብ ነው።

ከፍተኛ ትራይግሊሰራይድን ለማውረድ በጥናት የተረጋገጠው መጠን በቀን 4 ግራም ማለትም 4000 ሚሊግራም ኦሜጋ 3 ነው። 4000ን ለ300 ስናካፍል 13 ፍሬ ከምናምን ይመጣል። ስለዚህ ነጋዴያችን የሚወስደው ከሚያስፈልገው አንድ አሥረኛ እንኳን አይሞላም። 640ው ባለበት ይቀመጣል፤ እሱ ግን እየታከምኩ ነው ብሎ ተረጋግቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ መረጋጋት ነው። ትራይግሊሰራይድ 500ን ሲያልፍ፣ በተለይ ወደ 1000 ሲጠጋ፣ ቆሽት በድንገት ሊቆጣ ይችላል። ከላይኛው ሆድ ተነስቶ ወደ ጀርባ የሚወጋ ኃይለኛ ሕመም ከማስመለስ ጋር ከመጣ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

«እሺ፣ 13 ፍሬ ልዋጥ?» እንዳትሉኝ። በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጠው ኦሜጋ 3 የተጣራና መጠኑ የተረጋገጠ ነው፣ በቀን 4 ፍሬ ይበቃል። ከሱቅ የተገዛውን 13 ፍሬ መዋጥ ግን ሆድ ያስቀምጣል፣ ዓሳ ዓሳ የሚል ግሳት ያመጣል፣ ያላሰባችሁትን ስብም ይጨምራል። ከዚህ የሚብሰው የዓሳ ጉበት ዘይት ነው፤ ኮድ ሊቨር ኦይል የሚባለው። እሱ ቫይታሚን ኤ አለበት። ፍሬውን ካበዛችሁት ቫይታሚኑ ጉበት ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ለፅንሱም አደጋ ነው።

ደግሞ 4 ግራሙ ራሱ ትራይግሊሰራይድን የሚቀንሰው በግምት ከ20 እስከ 30 በመቶ ነው። 640ው ወደ 450 ወይም 500 ቢወርድ ነው። ለነጋዴያችን ትልቁ መድኃኒት ሌላ ቦታ አለ፦ ስኳሩን ማስተካከልና አረቄውን ማቆም። ያልተያዘ ስኳርና አልኮል ትራይግሊሰራይድን በጣም ከሚሰቅሉት ነገሮች ውስጥ ናቸው። እነሱ ተስተካክለው ምርመራው ይደገማል፤ ካልወረደ ሐኪሙ ፌኖፋይብሬት የተባለውን ወይም የተጣራውን ኦሜጋ 3 ሊያዝ ይችላል። ምርመራው ሲደገም ታዲያ በመስቀል ማግስት፣ ክትፎና አረቄው ሳይወጣላችሁ አይሁን። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያስደነግጣችኋል።

ትራይግሊሰራይድ ለሌለበት ሰውስ?

በ2018 ውጤቱ የወጣው ቫይታል የተባለ ጥናት ወደ 26 ሺህ ሰዎችን ለአምስት ዓመት ያህል ተከታትሏል። በቀን 1 ግራም የዓሳ ዘይት የወሰዱት ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ በድንገተኛ የልብ ሕመም፣ በስትሮክና በልብና ደም ሥር በሽታ ሞት ድምር ላይ ጉልህ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ጤነኛ ሰው «ለጠቅላላ ጤና» ብሎ በየወሩ ገንዘብ ቢያወጣ የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ዓሳ መብላት ይሻለዋል። ከዝዋይ የሚመጣው ቆሮሶ ጥሩ ፕሮቲን ነው፣ ኦሜጋ 3ው ግን አነስተኛ ነው። በዚያ በኩል ከሱቅ የምትገዙት ሰርዲን ይበልጠዋል።

አሁን ወደ ኦፕሬሽኑ

ፍርሃቱ ከምንም አልመጣም። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕላትሌቶች ናቸው፤ ኦሜጋ 3 እርስ በርስ መጣበቃቸውን በጥቂቱ ያላላዋል። በላቦራቶሪ የሚታየው ይሄ ነገር ቢላ ሲያርፍ ብዙ ያደማል ወይ? ነው ጥያቄው።

ይሄ በትልቅ ኦፕሬሽን ላይ ተፈትኗል። በ2018 በታተመ ጥናት 1,516 የልብ ቀዶ ጥገና ታካሚዎች ተሳትፈዋል። ግማሽ ያህሉ ኦፕሬሽኑ ሊደርስ በቀሩት ቀናት በድምሩ ከ8 እስከ 10 ግራም፣ ከዚያም በኋላ በቀን 2 ግራም የዓሳ ዘይት ወሰዱ። ካልወሰዱት የበለጠ አልደሙም። እንዲያውም የተሰጣቸው ደም አነስ ያለ ነበር። ልብ ተከፍቶ ይሄ ካልታየ፣ በቀን አንድ ፍሬ የወሰደ ሰው በቡአ ኦፕሬሽን ይደማል ብሎ መስጋት አያስፈልግም።

ትልቁ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን ትንሽ ይለያል። የተጣራ ኢፒኤ በቀን 4 ግራም ለአምስት ዓመት ያህል በተሰጠበት ሪዲውስ ኢት በተባለው ጥናት፣ ከባድ መድማት የገጠመው ከ1000 ሰው 27 ነበር፤ መድኃኒቱን ካልወሰዱት ደግሞ 21። ጭማሪው ትንሽ ነው፣ ግን አለ። በዚያው ጥናት የልብ ምት መዛባትም ጨምሯል። በዚህ መጠን የምትወስዱ ሰዎች ለቀዶ ሐኪሙና ለአንስቴዥያ ባለሙያው በግልጽ ንገሩ።

ነጋዴያችን ቀጠሮውን መሰረዝ የለበትም። የሚጠበቅበት ዕቃውን ይዞ ሄዶ ማሳየት ነው። አንዳንድ ሐኪሞች ለጥንቃቄ ከሳምንት በፊት አቁሙ ይላሉ፤ ካሉት ያቁም፣ አንድ ፍሬ ለሳምንት መቅረቱ አይጎዳውም። በዋዜማው ማቆም ግን ትርጉም የለውም፤ ፕላትሌት ከሰባት እስከ አሥር ቀን የሚኖር ስለሆነ ውጤቱ በአንድ ሌሊት አይጠፋም። ትራይግሊሰራይዱ በጣም ከፍ ብሎ ቆሽቱ ከዚህ በፊት የተቆጣና 4 ግራሙ የታዘዘለት ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያቁም።

ከዓሳ ዘይቱ ይልቅ ሐኪሙ መስማት ያለበት ሌላ ነገር አለ። ለወገብ ሕመም ከፋርማሲ ገዝታችሁ የምትውጡት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን፣ ክሎፒዶግሬል፣ ዋርፋሪን፦ ኦፕሬሽን ላይ የሚያደሙት እነዚህ ናቸው። ብዙ ሰው «መድኃኒት ትወስዳለህ?» ሲባል የዓሳ ዘይቱን ይናገርና ማስታገሻውን እንደ መድኃኒት ስለማይቆጥረው ይተወዋል። ሁሉንም በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ልብ ላይ ስቴንት የገባላችሁ ወይም ዋርፋሪን የምትወስዱ ግን በራሳችሁ ውሳኔ አንድም ቀን እንዳታቆሙ፤ የሚቆምበትን ቀን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ድድ ወይም አፍንጫ ያለምክንያት ከደማ፣ ሳትመቱ ሰውነታችሁ ከበለዘ፣ ወይም ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ የኦፕሬሽኑን ቀን አትጠብቁ፣ ቀድማችሁ ታዩ።

ቤት ያለውን ዕቃ አሁን አንሱና ኢፒኤውንና ዲኤችኤውን ደምሩት፤ ስንት መጣ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ኦፕሬሽን ቀጠሮ ላለው ሰውም አጋሩለት። መልካም ጤና!