ወባ በጀት አትጠብቅም

ካርቶኑ የደረሰን አርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቴፑን ቀደን ስንከፍተው የበረዶ ከረጢቶቹ ሙሉ በሙሉ ቀልጠዋል፤ ኢንዛይሙን የያዘችው ትንሽ ቱቦ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ትንሳፈፋለች። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ መቀመጥ የነበረባት ዕቃ ናት። ሰኞ ጠዋት ወባ እንዳለበት አስቀድሞ በተረጋገጠ ናሙና ሞከርናት። ጄሉ ላይ መታየት የነበረበት መስመር የለም። የታወቀ ናሙና እምቢ ካለ ደግሞ ጥፋቱ የበሽተኛው ደም አይደለም፤ ኢንዛይሙ ሞቷል ማለት ነው።

የፕሮጀክታችን በጀት በወረቀት ላይ አንድም የድምር ስህተት አልነበረበትም። የተማሪ የኪስ ገንዘብ፣ የላቦራቶሪ አላቂ ዕቃ፣ የመስክ ሥራ፣ የሕትመት ክፍያ፤ አራቱም በየመደባቸው ተቀምጠዋል። ያላየነው አንዱ መደብ ሲዘገይ ሌላውን እንደሚበላው ነው።

አንድ ምሳሌ ወስደን እናስላው። ከዩኒቨርሲቲው 150 ኪሎ ሜትር በሚርቅ ቆላ ቀበሌ ከ300 ሰዎች የደም ጠብታ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ወስደን፣ የትኛው የወባ ዓይነት እንደሆነ በፒሲአር እንለይ እንበል። ጀማሪ ተማሪ 300 ናሙና ስላለ 300 ምርመራ ብሎ ይጽፋል። ሥራው ግን በሁለት ዙር ነው፦ በመጀመሪያው ዙር አንድ ቱቦ፣ በሁለተኛው ዙር ለፋልሲፓረምና ለቫይቫክስ አንዳንድ ቱቦ። ይህ 900 ይሆናል። ለማነጻጸሪያ ናሙናዎችና ለሚደገሙት 20 በመቶ ሲጨመር 1,080 ይደርሳል። ለአንድ ቱቦ 0.625 ዩኒት ኢንዛይም ከተጠቀምን 675 ዩኒት እንፈልጋለን። በ300 ያሰላ ተማሪ ባለ 250 ዩኒት አንድ ጥቅል አዝዞ፣ ሥራው ሳይጋመስ ባዶ እጁን ይቀራል። እንደገና ፕሮፎርማ መሰብሰብ፣ እንደገና ግዥ ክፍል፣ እንደገና ወራት።

በዚያ ላይ ዋጋው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በብር የተፈቀደ የአላቂ ዕቃ በጀት በአንድ ክረምት የመግዛት አቅሙ በግማሽ ገደማ ወረደ። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣውን ዕቃ ለብቻ ለይቶ፣ በዶላር ስንት እንደሆነ ከጎኑ መጻፍ ይገባል። ተጨማሪ ገንዘብ ሲጠየቅ ማስረጃው ያ ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን የጊዜው ነገር ነው። በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ወባ የምትበረታው ክረምቱ እንደወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። የበጀት ዓመቱ የሚከፈተው ደግሞ ሐምሌ 1 ነው። ገንዘቡ እስኪለቀቅ፣ ጨረታው እስኪያልቅ፣ ዕቃው ከጉምሩክ እስኪወጣ ትንኟ ሥራዋን ጨርሳለች። መውጫው ናሙናውን በወቅቱ መሰብሰብና ኢንዛይሙን በኋላ ማምጣት ነው፤ ወረቀት ላይ በደንብ የደረቀ ደም ከእርጥበት ከተጠበቀ ለወራት ይቆያል። ለመስክ የሚያስፈልገው የማጣሪያ ወረቀት፣ ጓንት፣ መብሻና ነዳጅ በአንጻሩ ቀላልና አብዛኛው እዚሁ የሚገኝ ስለሆነ ከቀደመው ዓመት በጀት ሊገዛ ይችላል።

ነዳጅ ካነሳን፣ ደርሶ መልስ 300 ኪሎ ሜትር ብሎ መተው የተለመደ ስህተት ነው። ቡድኑ አሥር ቀን ከቆየና በየቀኑ ከጎጥ ጎጥ 60 ኪሎ ሜትር ከዞረ 600 ይጨመራል። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር የሚጠጣ ከሆነ የሚያስፈልገው 45 ሊትር ሳይሆን 135 ነው። የሾፌሩና መንገድ የሚያሳየው የቀበሌው ሰው አበልም አብሮ ይቆጠር።

የእኛ ዕቃ ስድስት ወር ዘገየ። የሁለቱ ማስተርስ ተማሪዎች የኪስ ገንዘብ ግን በየወሩ ይወጣ ነበር። ኢንዛይሙ ተተክቶ ሥራው ሲጀመር የቀራቸው የሦስት ወር ክፍያ ብቻ ነው። አንደኛዋ ቀን ላቦራቶሪ ውላ ማታ የሰው ልጆች እያስጠናች ጨረሰች። የኪስ ገንዘቡን በወር ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከሥራው ደረጃ ጋር ማያያዝ ነበረብን፤ የተወሰነው ለመስክ፣ ትልቁ ድርሻ ደግሞ ዕቃው እጃችን ከገባ በኋላ ለላቦራቶሪው ሥራ።

የሕትመት ክፍያው በመጨረሻ መጣ። ክፍት መጽሔቶች ገንዘቡን የሚጠይቁት ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ብዙው ፕሮጀክት ተዘግቷል። ብዙ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚመጡ ጸሐፊዎች ክፍያውን ይምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። የአገሮቹ ዝርዝር ስለሚለዋወጥ በየጊዜው ማየት ይጠይቃል፤ በርከት ባሉት ዘንድ ደግሞ ምሕረቱ የሚጠየቀው ጽሑፉ በሚላክበት ዕለት ነው። እኛ ያን አላወቅንም። ከተቀበሉን በኋላ ጻፍንላቸው፤ ጊዜው አልፏል የሚል መልስ መጣልን። የሕትመት መደባችን ያልተነካ ገንዘብ ነበረው፤ ግን በጀቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ወደ ካዝና ተመልሷል።