ጥንድ ያጣው ቁጥር

በሶፍትዌር ሙያ ለመቀጠር የሚዘጋጅ ሰው ብዙ ሳይቆይ የሚገጥመው አንድ ጥያቄ አለ። የቁጥሮች ዝርዝር ይሰጠዋል። በዝርዝሩ ውስጥ እያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ አንዱ ብቻ ጥንዱን አጥቷል። ሥራው እሱን ፈልጎ ማውጣት ነው። ሊትኮድ በተባለው የፕሮግራመሮች መለማመጃ ላይ ጥያቄው በተራ ቁጥር 136፣ `Single Number` በሚል ርዕስ ተቀምጧል፤ ሁለት ግዴታዎችም አሉበት። አንደኛ፣ ዝርዝሩ እጥፍ ሲሆን የሚፈጀው ጊዜም እጥፍ ቢሆን እንጂ ከዚያ ማለፍ የለበትም። ሁለተኛ፣ ዝርዝሩ አምስት ቁጥር ይኑረው አምስት ሚሊዮን፣ የሚወስደው ተጨማሪ ሜሞሪ ያው መሆን አለበት።

ጥያቄውን ከባድ የሚያደርገው ይህ ሁለተኛው ነው። መጀመሪያ ወደ ሐሳብ የሚመጣው እያንዳንዱን ቁጥር ከሌሎቹ ሁሉ ጋር ማስተያየት ነው፤ ሜሞሪ አይፈጅም፣ ነገር ግን ዝርዝሩ አንድ ሚሊዮን ቁጥር ካለው በመቶ ቢሊዮን የሚቆጠር ንጽጽር ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ደርድሮ ጎረቤት ከጎረቤት ማየት ይሻላል፤ ግን መደርደሩ ራሱ ከተፈቀደው በላይ ጊዜ ይወስዳል። ሦስተኛው መንገድ ያየነውን እየመዘገቡ መሄድ፣ ጥንዱ ሲመጣ ደግሞ መሰረዝ ነው። ይህ ፈጣን ነው። ችግሩ መዝገቡ ነው፤ ጥንዶቹ ተራርቀው ከመጡ ግማሽ ሚሊዮን ቁጥር በአንድ ጊዜ ይዞ መቆየት አለበት። መልሱን የሚሰጠው መንገድ ግን መዝገብ አይፈልግም። አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ያልፍበታል።

እዚያ ለመድረስ ኮምፒውተሩ ቁጥርን እንዴት እንደሚጽፍ ማየት ያስፈልጋል። በትምህርት ቤት የአንድ ቤት፣ የአሥር ቤት፣ የመቶ ቤት እያልን እንደተማርነው ሁሉ ኮምፒውተርም ቤቶች አሉት፤ የእሱ ግን የአንድ ቤት፣ የሁለት ቤት፣ የአራት ቤት፣ የስምንት ቤት እያለ በእጥፍ የሚሄድ ነው። በየቤቱ የሚቀመጠውም 0 ወይም 1 ብቻ ነው፤ ቢት የምንለው ይህን ነው። 13 ማለት አንድ ስምንት፣ አንድ አራት፣ ምንም ሁለት፣ አንድ አንድ ነው፤ ስለዚህ 1101 ተብሎ ይጻፋል። 6 ደግሞ 0110፣ 9 ደግሞ 1001 ይሆናል።

ኤክስኦር የተባለው ስሌት ሁለት ቁጥሮችን ቤት ለቤት ያስተያያል። በአንድ ቤት ያሉት ሁለት ቢቶች ከተለያዩ 1 ይጽፋል፣ ከተመሳሰሉ 0። ወደ ቀጣዩ ቤት የሚሻገር የለም፤ ከተራ መደመር የሚለየውም በዚህ ነው። በአብዛኛው የፕሮግራም ቋንቋ ምልክቱ `^` ነው። ማንኛውም ቁጥር ከራሱ ጋር ኤክስኦር ሲደረግ በሁሉም ቤት ስለሚመሳሰል ውጤቱ ዜሮ ነው፤ ከዜሮ ጋር ሲደረግ ደግሞ እንዳለ ይቀራል። ከዜሮ ተነስተን የዝርዝሩን ቁጥሮች አንድ በአንድ ኤክስኦር ብናደርግ ምን ይመጣል?

ዝርዝሩ 13፣ 6፣ 9፣ 6፣ 13 ይሁን። ከ13 እንጀምር። 13 ከ6 ጋር 1011 ይሰጣል፤ ይህ 11 ነው። እሱ ከ9 ጋር 0010፣ ማለትም 2። 2 ከ6 ጋር 0100፣ ማለትም 4። 4 ከመጨረሻው 13 ጋር 1001። ዘጠኝ! ጥንድ ያጣው እሱ ነበር። በፓይተን ሲጻፍ ይህን ያህል ብቻ ነው፦

```python
def single(nums):
    x = 0
    for n in nums:
        x ^= n
    return x
```

አብዛኛው ተፈታኝ እዚህ ላይ «ጥንዶቹ ይጠፋፋሉ» ብሎ ያቆማል። አባባሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን 13 ከ13 ጋር ሳይገናኝ፣ በመሃሉ ሦስት ሌሎች ቁጥሮች ገብተው ሳለ፣ እንዴት እንደተጠፋፋ አይነግረንም። ጠያቂውም ቀጥሎ የሚያነሳው ይህንኑ ነው። መልሱ ያለው በቤቶቹ ውስጥ ስለሆነ ቁጥሮቹን ከላይ ወደ ታች ደርድረን እንያቸው፦

```
13   1 1 0 1
 6   0 1 1 0
 9   1 0 0 1
 6   0 1 1 0
13   1 1 0 1
```

አሁን በእያንዳንዱ ቤት ስንት 1 እንዳለ እንቁጠር። በስምንት ቤት ሦስት፣ በአራት ቤት አራት፣ በሁለት ቤት ሁለት፣ በአንድ ቤት ሦስት። ኤክስኦር እነዚህን ድምሮች አይዝም፤ የሚይዘው ድምሩ ተጋማሽ ነው ወይስ ኢ-ተጋማሽ የሚለውን ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቤት እንደ አንድ የመብራት ማብሪያ ነው፤ 1 በመጣ ቁጥር ይጫናል፣ 0 ሲመጣ አይነካም። መጨረሻ ላይ መብራቱ በርቶ የሚገኘው የተጫነበት ጊዜ ኢ-ተጋማሽ ከሆነ ነው፤ በየትኛው ሰዓት፣ በማን ተራ መጫኑ ለውጥ የለውም። ሁለት ጊዜ የሚመጣ ቁጥር እያንዳንዱን የሱን ቤት ሁለት ጊዜ ስለሚጫን ምንም አሻራ አይተውም። በርተው የሚቀሩት የስምንት ቤትና የአንድ ቤት፣ 1001፣ የጥንድ አልባው ቁጥር ቢቶች ናቸው።

ጥያቄውን ከጥቅስ ለይቶ እንደ ዕውቀት መያዝ የሚቻለው በዚህ በኩል ነው ብዬ አምናለሁ። «በየቤቱ የ1ዎችን ብዛት ቁጠር» የሚለውን የያዘ ሰው የጥያቄው መልክ ሲቀየር አብሮ መቀየር ይችላል። ጠያቂዎችም መልኩን መቀየር ይወዳሉ።

ይህ ስሌት ከቃለ መጠይቅ ክፍል ውጭም ዳቦውን ይበላል። በ1988 በበርክሊ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰን እና ራንዲ ካትዝ ሬይድ የተባለውን የዲስኮች አደረጃጀት የገለጹበትን ጽሑፍ አወጡ። በውስጡ ካሉት ደረጃዎች አንዱ በሆነው በሬይድ 5፣ በተለያዩ ዲስኮች ላይ ያሉ መረጃዎች ኤክስኦር ተደርገው ውጤቱ በሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። አንድ ዲስክ ሲበላሽ የቀሩት ሁሉ እንደገና ኤክስኦር ይደረጋሉ፤ የሚወጣው የጠፋው መረጃ ነው፤ ልክ 9 ከዝርዝሩ እንደወጣ። ሁለት ዲስኮች በአንድ ጊዜ ከተበላሹ ግን ይህ ስሌት ብቻውን አያድንም፤ የሚሰጠው የሁለቱን ኤክስኦር እንጂ እያንዳንዳቸውን አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄም እዚሁ ላይ ይመጣል፦ ጥንድ ያጡት ሁለት ቢሆኑስ? ዝርዝሩ 13፣ 6፣ 9፣ 3፣ 6፣ 5፣ 13፣ 3 ይሁን። ሁሉንም ኤክስኦር ስናደርግ 12፣ ማለትም 1100 ይወጣል። 12 በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የ9 እና የ5 ድብልቅ ነው። ቢሆንም ባዶ ወሬ አይደለም፤ በርተው ያሉት ቤቶች ሁለቱ ቁጥሮች የሚለያዩባቸውን ይነግሩናል። 9 እና 5 በአራት ቤት ይለያያሉ፤ አንዱ እዚያ 1 አለው፣ ሌላው የለውም።

ስለዚህ ዝርዝሩን በዚያ ቤት እንከፍለዋለን። በአራት ቤት 1 ያላቸው 13፣ 6፣ 6፣ 5፣ 13 ናቸው፤ የሌላቸው 9፣ 3፣ 3። ጥንዶች በሁሉም ነገር ስለሚመሳሰሉ ሁልጊዜ አብረው ወደ አንድ ወገን ይሄዳሉ፤ ጥንድ አልባዎቹ ግን ይለያያሉ። አሁን ሁለት ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ ሆነልን፤ አንዱ ወገን 5፣ ሌላው 9 ይሰጣል። ከበሩት ቤቶች ዝቅተኛውን ለይቶ ለማውጣት ፕሮግራመሮች `x & -x` ብለው ይጽፋሉ። ኮምፒውተር ነጋቲቭ ቁጥርን የሚጽፈው ቢቶቹን ሁሉ ገልብጦ አንድ በመጨመር ስለሆነ፣ ቁጥሩና ነጋቲቩ ሁለቱም 1 የሚኖራቸው በዚያ ዝቅተኛ ቤት ብቻ ነው። ለ12 ውጤቱ 4 ነው።

ሦስተኛው ለውጥ የብዙዎችን ዝግጅት የሚፈትን ነው፦ ከአንዱ በቀር ሁሉም ሦስት ሦስት ጊዜ ቢመጡስ? ኤክስኦር እዚህ ያሳስታል፤ የከፋው ደግሞ ዝም ብሎ ማሳሳቱ ነው። 7፣ 7፣ 7፣ 5 ላይ ብናስኬደው 2 ይመልሳል። ፕሮግራሙ አይቆምም፣ ስህተት አያመለክትም፤ ስህተቱ የሚታወቀው 2 በዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለ ላስተዋለ ሰው ነው። የተሳሳተው ውጤት በዝርዝሩ ውስጥ ካለ ቁጥር ጋር ሊገጥምም ስለሚችል ይህ ማጣሪያ ሁልጊዜ አያስጥልም። ኮድ ከመጻፍ በፊት «እያንዳንዱ በትክክል ሁለት ጊዜ ነው? ጥንድ ያጣው በእርግጥ አንድ ነው?» ብሎ ጠያቂውን መጠየቅ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ወደ ቤቶቹ ቆጠራ እንመለስ። በአራት ቤት አራት 1፣ በሁለት ቤት ሦስት፣ በአንድ ቤት አራት አሉ። ሦስት ጊዜ የሚመጣ ቁጥር በየቤቱ ሦስት ስለሚያዋጣ፣ አሁን ማየት ያለብን ለሁለት ሳይሆን ለሦስት ስናካፍል የሚተርፈውን ነው፤ 1፣ 0፣ 1 ይተርፋል። 101 ማለት 5 ነው። ለ32 ቤት ቁጥሮች 32 ጊዜ መቁጠር በቂ ነው፤ ዝርዝሩ የቱንም ያህል ቢረዝም ይህ 32 አይጨምርም፣ ስለዚህ ሁለቱም ግዴታዎች እንደተጠበቁ ናቸው።

በፓይተን የሚጽፍ ሰው እዚህ አንድ ወጥመድ አለበት። የመጀመሪያው ኤክስኦር ነጋቲቭ ቁጥሮችን ያለ ምንም ጥንቃቄ ይሠራል። ይህ ቆጠራ ግን መልሱን ከ32 ቢቶች መልሶ ስለሚገነባ፣ በጃቫ ላይኛው ቢት ነጋቲቭ ምልክት መሆኑ የታወቀ ሲሆን፣ የፓይተን ቁጥር ግን የቤት ገደብ ስለሌለው ያንን ቢት እንደ ተራ ትልቅ ዋጋ ይቆጥረዋል። 7፣ 7፣ 7፣ -4 ሰጥተን ብናስኬደው በ-4 ፈንታ 4294967292 ይመልሳል። ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፤ ውጤቱ 2 በ31 ርቢ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 2 በ32 ርቢን መቀነስ፦

```python
if r >= 2**31:
    r -= 2**32
```

ርቢውን በ`^` ሳይሆን በ`**` መጻፍም አይዘንጋ፤ በፓይተን `2^31` ብሎ የጻፈ ሰው የሚያገኘው 29 ነው።