ልብስ ማጠቢያው ውሃ ሲያፈስ መጀመሪያ ሰዓቱን ይዩ

ከልብስ ማጠቢያ ማሽን ስር ውሃ ሲታይ አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው የበሩን ጎማ ነው። በሩ ከፊት ነው፣ ውሃውም ብዙ ጊዜ ከፊት ይታያል፤ ስለዚህ “ጎማው ተቀዷል” ተብሎ ይደመደማል። ጎማውን ለመቀየር ደግሞ ብዙ ማሽኖች ላይ የፊት ሽፋኑን መፍታት ስለሚያስፈልግ ሥራው ቀላል አይደለም። ተቀይሮም ውሃው ካልቆመ ባለቤቱ ለዕቃውም ለጉልበቱም ከፍሎ እዚያው ጥያቄ ላይ ይቀራል።

ውሃ የታየበት ቦታ ብቻውን ጥሩ ምስክር አይደለም። በኮንዶሚኒየምም ሆነ በሌላ ቤት የመታጠቢያ ክፍል ወለል ወደ ፍሳሽ ቀዳዳው ዘንበል ተደርጎ ነው የሚሠራው። ከማሽኑ ኋላ የተንጠባጠበ ውሃ ይህንን ዘንበል ተከትሎ በማሽኑ ስር ያልፍና ከፊት ብቅ ይላል። ከፊት የወጣውም እንዲሁ ወደ ግድግዳው ሄዶ ሊጠራቀም ይችላል።

የተሻለው ምስክር ሰዓቱ ነው። ሦስቱ ተጠርጣሪዎች ማለትም ውሃ ማስገቢያው ቱቦ፣ የበሩ ጎማና የፍሳሽ መገናኛው ውሃ የሚያገኙት በተለያየ ጊዜ ነው። ማስገቢያው ቱቦ ቧንቧው እስከተከፈተ ድረስ፣ ማሽኑ ጠፍቶም ቢሆን፣ ውሃ ይጨናነቅበታል። የበሩ ጎማ ውሃ የሚረጭበት ውሃ ገብቶ ከበሮው ልብሱን ሲያገላብጥ ነው። የፍሳሽ ቱቦው ደግሞ ማሽኑ ውሃ ሲጥልና ልብስ ሲጨምቅ ካልሆነ በቀር ሥራ የለውም። ስለዚህ እያንዳንዱን ሰዓት ለይቶ ማየት ከተቻለ ጥፋተኛው በራሱ ይወጣል።

ፍተሻው እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ የማሽኑን ሶኬት ከግድግዳው ይንቀሉ። ሶኬቱ ራሱ ከረጠበ ወይም እርጥብ ወለል ላይ ቆመው ከሆነ ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ አስቀድመው ያጥፉ። ከዚያ ቧንቧውን ይዝጉ፣ ማሽኑን ከግድግዳው ሳብ ያድርጉ፣ ወለሉንና ቱቦዎቹን ደግሞ እስኪደርቁ ድረስ በጨርቅ ይጥረጉ። ይህን በችኮላ ማለፍ አይገባም፤ አሮጌ እርጥበት ከቀረ የሚታየው ሁሉ ያሳስታል።

ቀጥሎ ሶፍት ያዘጋጁ። አንድ ቁራጭ ማስገቢያው ቱቦ ቧንቧው ላይ የታሰረበትን፣ ሌላ ቁራጭ ቱቦው ማሽኑ ላይ የታሰረበትን ይጠቅልሉበት። ሦስተኛውን የፍሳሽ ቱቦው ከግድግዳው ቧንቧ ጋር የሚገናኝበት ላይ ያድርጉ። ከበሩ ሥር ደግሞ አንድ ሰፋ ያለ ቁራጭ በፕላስተር ይለጥፉ። ከማሽኑ ሥር ጋዜጣ ያንጥፉ። ጠብታ የነካው ሶፍት ወዲያው ቀለሙ ይለወጣል፤ ወለሉ ላይ ውሃ እስኪጠራቀም መጠበቅ አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ሰዓት ዕረፍት ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ቧንቧውን ብቻ ይክፈቱና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። እዚህ ላይ ሶፍት ከረጠበ ነገሩ የበሩም የፍሳሹም አይደለም፤ ሁለቱ ገና ውሃ አላገኙም።

ሁለተኛው ሰዓት እጥበት ነው። ሶኬቱን ይሰኩና ማሽኑን ያለ ልብስና ያለ ሳሙና ያስነሱ። ውሃ ሲገባና ከበሮው ሲዞር የበሩን ታችኛ ክፍል በስልክ መብራት ይመልከቱ። አሥር ደቂቃ ያህል ከዞረ በኋላ፣ ውሃ መጣል ከመጀመሩ በፊት፣ ያቁሙትና ሶፍቶቹን አንድ በአንድ ይዩ።

ሦስተኛው ሰዓት መጣልና መጭመቅ ነው። ማሽኑን ያስቀጥሉና ከኋላ ሆነው የፍሳሹን መገናኛ ይጠብቁ። ፓምፑ አሥር ሊትር የሚያህል ውሃ በአጭር ጊዜ ስለሚገፋ እዚህ ያለ ችግር ፈጥኖ ይታያል።

ማስገቢያው ቱቦ፦ ማሽኑ ተኝቶም የሚያፈስ

የቱቦው ጫፍ ላይ ያለው በእጅ የሚዞር ራስ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክብ ጎማ አለች። ውሃውን የምታግደው ጥርሱ ሳይሆን እሷ ናት፤ ከቧንቧው አፍ ጋር ስትጣበቅ ትዘጋለች። ብዙ ሰው ቱቦው ሲያንጠባጥብ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን ይጠመጥማል። ቴፍሎን ቧንቧው ከግድግዳው ጋር በሚታሰርበት ላይ ሥራ አለው፤ እዚህ ግን ራሱ እስከ መጨረሻ እንዳይገባ ስለሚያደርግ ጎማዋ ሳትጫን ትቀራለች። መፍትሔው የደረቀችውን ወይም የተጨፈለቀችውን ጎማ በአዲስ መተካት፣ በእጅ እስኪጠብቅ ማዞር፣ ከዚያ በፒንሳ ሩብ ዙር ያህል መጨመር ነው። ከዚህ በላይ ማጥበቅ የማሽኑን የፕላስቲክ ጥርስ ይሰነጥቃል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ከጣሪያ ላይ ከተቀመጠ ሮቶ የሚወርድ ውሃ ጉልበቱ የሮቶው ከፍታ ያህል ብቻ ነው፤ አሥር ሜትር ከፍታ የሚሰጠው አንድ ባር ገደማ ነው። ሮቶው ከላይኛው ፎቅ ሦስት ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ግፊቱ የአንድ ባር ሲሶ አይሞላም። ውሃው በቀጥታ ከከተማው መስመር ሲመጣ፣ በተለይ ሌሊት ተጠቃሚ ሲቀንስ፣ ግፊቱ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በሮቶ ውሃ ደርቆ የሚውል መገናኛ ሌሊት በመስመሩ ውሃ ሊያንጠባጥብ የሚችለው ለዚህ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፍተሻ የመስመሩ ውሃ በሚመጣበት ሰዓት ያድርጉት።

የበሩ ጎማ፦ ከበሮው ሲዞር የሚያፈስ

በጎማው እጥፋት ውስጥ ከእጥበት በኋላ ጥቂት ውሃ መቅረቱ ብልሽት አይደለም። እጥፋቱን በጣትዎ ገለጥ እያደረጉ ዙሪያውን ይዳስሱ፤ በተለይ ታችኛውን ክፍል፣ ሳንቲምና የፀጉር መያዣ የሚወድቀው እዚያ ነውና። ጥፍር የሚያህል ቀዳዳ ካገኙ ጎማው መቀየር አለበት። ቀዳዳ ከሌለ ግን በሩ ሲዘጋ ከመስታወቱ ጋር የሚገናኘውን ከንፈር ይመልከቱ። የፀጉር ክር፣ የሳሙና ዝቃጭ ወይም መስታወቱ ላይ የደረቀ ቅርፊት በቂ ክፍተት ይፈጥራል። ለብ ባለ ውሃና በጨርቅ ሁለቱንም አጽድተው ፍተሻውን ይድገሙ።

ያለ ሳሙና ሲፈተሽ ደርቆ የዋለ በር በመደበኛው እጥበት ካፈሰሰ፣ አንዱ ምክንያት አረፋ ነው። ለእጅ እጥበት የተሠራ ዱቄት ሳሙና ብዙ አረፋ እንዲያወጣ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው፤ በእነዚህ ማሽኖች ውስጥ አረፋው ከበሮውን ሞልቶ በበሩ ጎማና በሳሙና መሳቢያው በኩል ይወጣል። እዚህ ላይ የሚቀየረው ጎማው ሳይሆን ሳሙናው ነው።

የፍሳሽ መገናኛው፦ ውሃ ሲጣል ብቻ የሚያፈስ

በዚህኛው ሰዓት ውሃ ከታየ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ቱቦው ራሱ ተሰንጥቆ ወይም ማሰሪያው ላልቶ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቱቦው ደህና ሆኖ የግድግዳው ቧንቧ ውሃውን መዋጥ ሲያቅተው ነው። የቱቦውን ጫፍ ከግድግዳው አውጥተው ወንበር ላይ በተቀመጠ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ያድርጉት፤ በእጅ ይዘው ማሽኑ እንዲጥል ያድርጉ፣ ባልዲው ሊሞላ ሲልም ያቁሙት። ዙሪያው ደርቆ ከቀረ ማሽኑና ቱቦው ነጻ ናቸው፤ የተደፈነው ቧንቧ ነው፣ የሚጠራውም ቧንቧ ሠራተኛ ነው።

ቱቦው የሚገባበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ይመከራል። ወለል ላይ ባለው ፍሳሽ ውስጥ የተጣለ ቱቦ ማሽኑ ሳያዘው ውሃውን እየሳበ ሊያወጣ ይችላል፤ ማሽኑ መልሶ ይሞላል፣ ውሃው መልሶ ይሄዳል። ቱቦውን በቧንቧው ውስጥ በጥልቀት ወትፎ ዙሪያውን በፕላስተር መድፈንም አየር ስለሚከለክል ይህንኑ ችግር ያመጣል።

አንድ ቤት እንውሰድ

አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ነው እንበል። ቤተሰቡ ማታ ልብስ ያጥባል፤ ጠዋት ከማሽኑ ፊት ውሃ ያገኛል። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ጣሪያም መርጠብ ጀምሯል። ሠራተኛ ተጠርቶ አይቶ “የበሩ ጎማ ነው” ብሏል።

ከመክፈላቸው በፊት ፍተሻውን ይሠራሉ። ቀን ላይ በሮቶ ውሃ ግማሽ ሰዓት ሲጠብቁ ሁሉም ሶፍት ደረቅ ነው። በእጥበቱ ጊዜ በሩ ሥር ያለው ሶፍት አልረጠበም፤ በመጣሉና በመጭመቁም የፍሳሹ ሶፍት ደረቅ ነው። ማታ ልብስ ሳያጥቡ፣ የከተማው ውሃ ሊመጣ ሲል፣ ቧንቧውን ከፍተው ይተኛሉ። ጠዋት ቧንቧው ላይ የተጠቀለለው ሶፍት ርሶ ተገኝቷል፤ ከሱ ሥር ያለው ጋዜጣ ከግድግዳው እስከ ማሽኑ ፊት በአንድ መስመር ረጥቧል። የማሽኑ ጀርባ ላይ ያለው ሶፍት ግን ደረቅ ነው።

ራሱ ሲፈታ ብዙ ዙር ቴፍሎን ይወጣል፣ ውስጡ ያለችው ጎማም ደርቃ እንደ ፕላስቲክ ሆናለች። ቴፍሎኑ ተነሥቶ አዲስ ጎማ ይገባል። በሚቀጥለው ፈረቃ ሌሊት ፍተሻው ይደገማል፤ ሶፍቱ ደረቅ ካደረ ሥራው አልቋል።

ከሦስቱም ውጭ ሲሆን

አንዳንዴ ሦስቱም ነጻ ሆነው ውሃው ይቀጥላል። ከፊት ታች፣ በትንሿ ክዳን ውስጥ ያለው የፓምፕ ማጣሪያ በደንብ ካልተዘጋ በእጥበቱ ጊዜ ያንጠባጥባል፤ ቦታው ከበሩ በታች ስለሆነም ከበሩ ጎማ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ማጣሪያውን ከመክፈትዎ በፊት ውስጥ ያለው ውሃ መቀዝቀዙን ያረጋግጡና ዝርግ ዕቃ ከሥሩ ያኑሩ።

ከውጭ ያሉት ሶፍቶች ሁሉ ደርቀው ከማሽኑ መሐል ሥር ያለው ጋዜጣ ብቻ ከረጠበ ጥፋቱ ከሽፋኑ ውስጥ ነው፤ ከውስጥ ቱቦዎች፣ ከፓምፑ ወይም ከከበሮው ማኅተም። እዚህ ላይ የቤት ፍተሻ ያበቃል፤ ሽፋኑን መክፈት የባለሙያ ሥራ ነው። ለባለሙያው “ያፈሳል” ከማለት ይልቅ “ውሃ ሲገባ ደረቅ ነው፣ መጭመቅ ሲጀምር ከመሐል ይንጠባጠባል” ብለው ይንገሩት። እስኪመጣም ድረስ ቧንቧውን ዘግተው ሶኬቱን ነቅለው ይቆዩ።