ፕሮፌሰሩ ዝም ያሉት ስለናቋችሁ ነው?

በቅርቡ አንድ የአፈር ሳይንስ ምሩቅ ለዶክትሬት አማካሪ ፍለጋ ወደ ጀርመን የላካቸውን ኢሜይሎች አሳየኝ። የመጀመሪያው ደህና ደብዳቤ ነበር። በደጋው አሲዳማ አፈርና በኖራ አጠቃቀም ላይ የሠራውን የመመረቂያ ጥናት በአጭሩ ገልጾ፣ ፕሮፌሰሩ ሊያማክሩት ፈቃደኛ እንደሆኑ ይጠይቃል። የላከው ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው። ሦስት ሳምንት መልስ ሲያጣ ሁለተኛውን ጻፈ፤ «ከአፍሪካ ስለሆንኩ መልስ እንኳ አይገባኝም ማለት ነው» የሚል። ለዚህኛው መልስ ወዲያው መጣ። ፕሮፌሰሩ በመስክ ሥራ ላይ እንደነበሩ፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ገና እንዳላነበቡት፣ አሁን ግን አብረው ሊሠሩ እንደማይችሉ የሚገልጽ ጨዋ፣ አጭር መልስ ነው። ባይቆጣ ኖሮ ይቀበሉት ነበር ብዬ አልከራከርም። ደብዳቤውን ያነቡለት እንደነበር ግን አያጠራጥርም።

ይህን ያስጻፈው «ዝምታ ራሱ መልስ ነው፣ መልሱም ንቀት ነው» የሚለው እምነት ነው። እምነቱ ከመሬት ተነስቶ አልመጣም። በየቢሮው «እናያለን» ተብለን የቀረንባቸው ጉዳዮች ብዙ ናቸው፤ ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ነውር በሆነበት አገር ዝም ማለት የእምቢታ ጨዋ ስም ነው። አድልዎም የለም አልልም። ነገር ግን የማያውቃችሁ የሩቅ አገር ተመራማሪ ዝም ሲል፣ ዝምታው ብቻውን ከእነዚህ ስለ የትኛውም አይነግራችሁም።

መጀመሪያ የቀን አቆጣጠራቸውን ተመልከቱ። ነሐሴ በአብዛኛው አውሮፓ የዕረፍት ወር ነው። በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የክረምቱ መንፈቅ ትምህርት የሚጀመረው በኛ ጥቅምት መግቢያ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉት ሳምንታት ለመስክ ሥራ፣ ለጉባኤና ለጽሑፍ ይውላሉ። በአሜሪካ ደግሞ የብዙ ዶክትሬት ፕሮግራሞች የማመልከቻ ቀነ ገደብ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ስለሚውል፣ በመስከረምና በጥቅምት የሚደርስ ደብዳቤ ከነሐሴው የተሻለ ዕድል አለው።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። ብዙ ፕሮፌሰር ተማሪ የሚቀጥረው የምርምር በጀት ሲፈቀድለት ነው። ለበጀቱ አመልክቶ ውጤት የሚጠብቅ ሰው «እሺ» ማለት አይችልም፣ «እምቢ» ማለትም አይፈልግም፤ ደብዳቤውን ለኋላ ያቆየዋል፣ ከዚያም በሌላ ደብዳቤ ክምር ይቀበራል። ሦስተኛው ደግሞ ሥልጣን ነው። በብዙ የአሜሪካ ትምህርት ክፍሎች የሚቀበለው ኮሚቴ ስለሆነ ፕሮፌሰሩ ብቻውን ቃል ሊገባላችሁ አይችልም። በጀርመን በግል በሚሠራ ዶክትሬት ግን የአማካሪው ፈቃድ ዋናው በር ነው፤ በካናዳም በብዙ የምርምር ፕሮግራሞች አማካሪ ሳይገኝ ማመልከቻው ብዙም አይራመድም። ስለዚህ ያው ዝምታ በአንዱ አገር ብዙም የማይጎዳችሁ፣ በሌላው ግን መፍትሔ የሚሻ ይሆናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ደብዳቤው መድረሱን የሚያሳዩ ምልክቶችን ፈልጉ። «ከቢሮ ውጭ ነኝ» የሚል አውቶማቲክ መልስ መጥቷል? አድራሻው አይሠራም ተብሎ ተመልሷል? ከዚያ የምርምር ቡድኑን ድረ ገጽ ክፈቱ። ብዙዎቹ በዚህ ዓመት ተማሪ እንደሚቀበሉ ወይም እንደማይቀበሉ እዚያው ይጽፋሉ። ሰውዬው ጡረታ ወጥቶ ወይም ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮም ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ካልመለሰላችሁ፣ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ አስታውሱ። አዲስ ኢሜይል አትክፈቱ፤ በቀድሞው ላይ «ሪፕላይ» ብላችሁ ጻፉ፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ ከሥር እንዲታይ። አራት ወይም አምስት መስመር ይበቃል፤ ውስጡ ግን አዲስ ነገር ይኑረው። ያ ወጣት ለምሳሌ በመስከረም አጋማሽ እንዲህ ሊጽፍ ይችል ነበር፦ «በሐምሌ መጨረሻ ስለ አሲዳማ አፈር ጽፌልዎት ነበር፤ ጊዜው የዕረፍት እንደነበር እረዳለሁ። ከዚያ ወዲህ የመመረቂያ ጥናቴን ዋና ውጤት በአንድ ገጽ አጠቃልያለሁ፤ አያይዤዋለሁ። ለዚህ ዓመት የነፃ ትምህርት ዕድል ላመለክት ስላሰብኩ፣ አዲስ ተማሪ የሚቀበሉ ከሆነ ባውቅ ይረዳኛል።» ወቀሳ የለበትም፣ ልመናም የለበትም፤ ጥያቄው አንድ ስለሆነ በአንድ መስመር ይመለሳል። ለዚህም መልስ ከጠፋ ከሦስት ሳምንት ያህል በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ መድገም ይቻላል። ከዚያ ተዉት። ወደ ስልካቸው፣ ወደ ፌስቡካቸው፣ ወደ ጸሐፊያቸው አትሂዱ።

«ደግሞ መጻፍ መጨቅጨቅ ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም። ለልጅ ጥየቃ የሄዱ ሽማግሌዎች በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባሉም፤ «ዘመድ እናማክር» ተብለው ቀጠሮ ይዘው ይመለሳሉ፣ ማንም ተዋረድኩ አይልም። የሚያስጠላው በሁለት ቀን ልዩነት መጻፍና በየጊዜው ድምፅን ከፍ ማድረግ ነው።

ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ግን «ነገሩ የቁጥር ነው፤ ለአምስት መቶ ፕሮፌሰር ላክ፣ አንዱ ይመልስልሃል» እያሉ የአድራሻ ዝርዝር የሚሸጡት ሰዎች ምክር ነው። ይህ ምክር ዝምታን ያበዛል እንጂ አይቀንስም። አንድ ዓይነት ጽሑፍ ከከባድ አባሪ ጋር በአንድ ጊዜ ለብዙ ሰው ሲላክ ብዙው ወደ ስፓም ይገባል። ያመለጠውም «ውድ ፕሮፌሰር» ከሚለው ሰላምታ ጀምሮ የጅምላ መሆኑ ያስታውቃል። በአንድ ትምህርት ክፍል ያሉ ሰዎች ደግሞ ይነጋገራሉ፤ ሦስቱም ያው ደብዳቤ እንደደረሳቸው ሲያውቁ ሦስቱንም ታጣላችሁ። ዝርዝሩን የሸጠው ሰው ገንዘቡን ተቀብሏል፤ ያን ሁሉ ዝምታ ተሸክሞ «እኔ አልረባም» ብሎ የሚቀመጠው ልጁ ነው። ሥራቸውን አንብባችሁ ለአሥር ሰው መጻፍ ይሻላል።

«በጽሑፍ እምቢ ካሉ በሩ ተዘግቷል» የሚለውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የእምቢታውን ዓይነት ለዩ። «በዩኒቨርሲቲው ሥርዓት በኩል አመልክት» ማለት እምቢታ አይደለም፤ መንገዱን ማሳየት ነው። «በጀት የለኝም» ስለ ገንዘቡ እንጂ ስለ እናንተ አይናገርም፤ የራሳችሁን ስኮላርሺፕ ይዛችሁ ከመጣችሁ ነገሩ ሊለወጥ ይችላል። «የእኔ መስክ አይደለም» ከተባላችሁ ግን ምርጫችሁን እንደገና መርምሩ። በየትኛውም ቢሆን በሁለት ቀን ውስጥ በሦስት መስመር አመስግኑ፣ ለዚህ ርዕስ የሚቀርብ ሌላ ሰው ያውቁ እንደሆነም ጠይቁ። እምቢ ያለ ሰው ወደ ባልደረባው ሲመራችሁ ያ ስም ለቀጣዩ ደብዳቤ የመጀመሪያ መስመር ይሆናል። ክርክር ውስጥ አትግቡ፤ «ለምን አልተቀበሉኝም?» ለሚል ጥያቄ ጠቃሚ መልስ እምብዛም አይገኝም።

በመጨረሻ አንድ ቀን ያዙ። በአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ስምምነት መሠረት፣ በፈራሚ ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ድጋፍ የቀረበለት ተማሪ እስከ ሚያዝያ 7 (አፕሪል 15) ድረስ እንዲወስን አይገደድም። እስከዚያ ቀን ትምህርት ክፍሉ ማን እንደሚመጣ፣ የማን ቦታ ክፍት እንደሚቀር በትክክል አያውቅም። በየካቲት «ቦታ ሞልቷል» ወይም «ተጠባባቂ ነህ» የተባለ አመልካች፣ ሚያዝያ ሲገባ አሁንም ፍላጎቱ እንዳለው በአንድ አጭር ኢሜይል ቢገልጽ ደንቡም ወጉም አይከለክለውም።