ደንበኛው ቻት ከፍቶ ዝም ሲል

በባንክ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ አስቀድሞ የሚፈራው የተቆጣ ደንበኛን ነው። ቻት ላይ ሲመደብ ግን ከቁጣ ይልቅ ደጋግሞ የሚገጥመው ዝምታ ነው። ስክሪኑ ላይ አዲስ ደንበኛ መግባቱን የሚያሳይ ምልክት ይበራል፤ ሠራተኛው ሰላምታ ይልካል፤ መልስ የለም። አንድ ደቂቃ ያልፋል፣ ሁለት ደቂቃ ያልፋል። በስልክ ቢሆን ኖሮ የሰውየው ትንፋሽ፣ የመንገዱ ጫጫታ ወይም የመስመሩ መቋረጥ አንድ ነገር ይነግረው ነበር። ቻት ላይ እጁ የያዘው ባዶ ሳጥን ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ በዚህ ሥራ ላይ የቆየች አንዲት የቡድን መሪ አዳዲስ ሠራተኞቿ የመጀመሪያ ሺፍታቸውን ከመግባታቸው በፊት የምትሰጣቸው አጭር ማስታወሻ አላት። ጉዳዩ ይኸው ነው፤ ዝም ያለ ቻት ሲገጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ማስታወሻው የሚጀምረው በማስጠንቀቂያ ነው። «ቻቱን ከመዝጋታችሁ በፊት ዝምታው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ» ይላል።

የመጀመሪያው ዓይነት ከጅምሩ ባዶ የሆነው ነው። ደንበኛው አንድም ቃል አልጻፈም። ብዙውን ጊዜ በስህተት የተከፈተ ነው፤ በትንንሽ ስልኮች ላይ የቻቱ ምልክት ከገጹ ታች ጥግ ስለሚንሳፈፍ ሌላ ቁልፍ ሊነካ የፈለገ ጣት እሱን ይነካዋል። የቴሌግራም ቦት ላይ ደግሞ ነገሩ መልኩን ይቀይራል። ቦቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ ሰው ከታች ያለውን ቁልፍ ሲጫን `/start` የሚለው ትእዛዝ በራሱ ይላካል። አዲሱ ሠራተኛ ይህን አይቶ ደንበኛው የጻፈው ይመስለዋል። ሰውየው ግን ገና በር ከፈተ እንጂ አልተናገረም።

ሁለተኛው ዓይነት ባዶ የሚመስል ግን ባዶ ያልሆነ ነው። ደንበኛው የድምፅ መልእክት ልኳል፣ የደረሰኝ ፎቶ አያይዟል ወይም ስቲከር ልኳል፤ ሠራተኛው የሚሠራበት ሲስተም ግን ያንን የፋይል ዓይነት ማሳየት ስለማይችል በስክሪኑ ላይ ነጭ መስመር ብቻ ይታያል። ደንበኛው ጉዳዩን ተናግሮ የጨረሰ መስሎት መልስ ይጠብቃል፤ ሠራተኛውም ደንበኛው እስኪናገር ይጠብቃል። ሁለቱም ዝም ይላሉ። ማስታወሻው ለዚህ የሚሰጠው መፍትሔ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «የላኩት ነገር እኔ ጋር አልታየኝም፤ ጉዳዩን በጽሑፍ ሊነግሩኝ ይችላሉ?»

ሦስተኛው ሰላምታ ብቻ የያዘ ቻት ነው። በእኛ አገር ሰው «ሰላም፣ እንደምን ዋላችሁ?» ብሎ ሰላምታው እስኪመለስለት ድረስ ጉዳዩን አያነሣም፤ ሰላም ሳይባባሉ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው። ስለዚህ ሠራተኛው በማሽን የተዘጋጀውን «ምን ልርዳዎት?» ብቻ ልኮ ሲጠብቅ ደንበኛው ገና የሰላምታውን ምላሽ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። የቡድን መሪዋ ትእዛዝ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ሰላምታውን መልሱ፣ ከዚያ ጠይቁ።

አራተኛው ከሁሉም የሚያደክመው ነው፤ ጉዳዩን ጀምሮ መሐል ላይ የጠፋ ደንበኛ። ማስታወሻው እዚህ ላይ አንድ ምሳሌ በደቂቃ ከፋፍሎ ያሳያል።

ከጠዋቱ 4፡12 ላይ አንዲት ደንበኛ በባንኩ ድረ ገጽ ቻት ትከፍታለች። ሰላምታ ተለዋውጠው 4፡13 ላይ «ለወንድሜ 3,500 ብር ልኬ ከእኔ ተቆርጧል፣ እሱ ጋ ግን አልገባም» ብላ ትጽፋለች። ሠራተኛው የግብይት ቁጥሩን ይጠይቃል። ደንበኛዋ ዝም ትላለች። 4፡17 ላይ ሠራተኛው «አሉ?» ይላል። መልስ የለም። 4፡19 ላይ ቻቱን ይዘጋና ሲስተሙ ከሚያቀርብለት ዝርዝር ውስጥ «ተፈትቷል» የሚለውን ይመርጣል፤ ምክንያቱም በቶሎ የሚያልፈው እሱ ነው።

ደንበኛዋ የት ነበረች? የተጠየቀችውን ልታመጣ ሄዳ ነበር። የግብይት ቁጥሩ ያለው ከባንኩ በደረሳት አጭር መልእክት ውስጥ ስለሆነ ድረ ገጹን ትታ ወደ መልእክቶቿ ገባች። ከመልእክቶቹ መሐል እሱን እስክታገኝ፣ ቁጥሩን በወረቀት እስክትጽፍ ደቂቃዎች ሄዱ። በዚህ መሐል ስልኩ ባትሪና ሚሞሪ ለመቆጠብ ከጀርባ የቀረውን ገጽ አስተኛው፤ የሠራተኛው «አሉ?» አልደረሳትም። 4፡21 ላይ ስትመለስ ቻቱ ተዘግቷል። እንደ አዲስ ከፍታ ወረፋ ጠበቀች፤ ሌላ ሠራተኛ ደረሳት፤ ያ ሠራተኛ መዝገቡን ሲያይ ጉዳዩ «ተፈትቷል» ይላል። እሷ አልተፈታም ትላለች፣ መዝገቡ ተፈትቷል ይላል። ቁጣው የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ማስታወሻው በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሁለት ጥፋቶችን ይለያል። አንደኛው «አሉ?» የሚለው መልእክት ነው። ይህ ጥያቄ ለደንበኛው ምንም አይነግረውም፤ ምን እንደሚጠበቅበት፣ ስንት ጊዜ እንዳለው፣ ቢዘገይ ምን እንደሚሆን አያውቅም። በምትኩ አዲሶቹ ሠራተኞች ሁለት መልእክቶችን እንዲልኩ ይማራሉ። የመጀመሪያው ከሦስት ደቂቃ ዝምታ በኋላ ይላካል፦ «የግብይት ቁጥሩን እየጠበቅኩ ነው። ከባንኩ በደረስዎት አጭር መልእክት ውስጥ ያገኙታል፤ ጊዜ ይውሰዱ።» ሁለተኛው ከሌላ ሦስት ደቂቃ በኋላ ነው፦ «መልስዎ እስካሁን አልደረሰኝም። ከአራት ደቂቃ በኋላ ይህን ቻት እዘጋዋለሁ፤ ጉዳዩን ግን መዝግቤዋለሁ። ሲመለሱ በዚሁ ስልክ ቁጥር ይግቡ፣ ካቆምንበት እንቀጥላለን።» ቻቱ የሚዘጋው በጠቅላላው አሥር ደቂቃ ሲሞላ ነው። ሠራተኛው ከመዝጋቱ በፊት ደግሞ «እየጻፈ ነው» የሚለውን ምልክት ያያል። በአማርኛ ፊደል በስልክ መጻፍ ለብዙ ሰው ጊዜ ይፈጃል፤ ምልክቱ እየበራ ከሆነ ሰዓቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ለዘለዓለም የማይጠበቀው ለምንድን ነው? አንድ የቻት ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደንበኞችን በአንድ ጊዜ ያስተናግዳል። ዝም ያለው ቻት ከእነዚህ ቦታዎች አንዱን ይዞ ሲቀመጥ ወረፋ ላይ ያለው ሰው ይጠብቃል።

ሁለተኛው ጥፋት መዝገቡ ነው። «ተፈትቷል» የሚለው ምልክት ውሸት ነበር፤ ጉዳቱም ከአንዷ ደንበኛ አልፎ ይሄዳል። የቡድን መሪዋ ለዚህ ቀላል ስሌት ትሠራላቸዋለች። አንድ ሠራተኛ በቀን 40 ቻት ተቀበለ እንበል። ከእነዚህ 30ዎቹ እውነተኛ ጉዳዮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ዘጠኝ ደቂቃ ወስዷል። 10ሩ ባዶ ነበሩ፤ ሠራተኛው ሳይጠብቅ እያንዳንዱን በአንድ ደቂቃ ዘግቶታል። ሁሉም በአንድ ላይ ሲደመሩ አማካዩ ሰባት ደቂቃ ይሆናል። ሪፖርቱን የሚያነበው ኃላፊ ሥራው የሚጠይቀው ጊዜ ሰባት ደቂቃ ነው ብሎ የሰው ኃይል ይመድባል፤ እውነቱ ግን ዘጠኝ ነው። ባዶው ለብቻው «ምላሽ ያልተገኘበት»፣ መሐል ላይ የቆመው ደግሞ «ያልተጠናቀቀ» ተብሎ ካልተመዘገበ ሠራተኞቹ ራሳቸው ሁልጊዜ የሚጎድላቸው ሁለት ደቂቃ ይኖራል።

ትክክለኛው ምዝገባ ሌላም ጥቅም አለው። ባዶ ቻቶች በአንድ ቀን ድንገት ከበዙና ሁሉም ከአንድ ገጽ የሚመጡ ከሆነ ጥፋቱ የደንበኞች ላይሆን ይችላል። ምናልባት ገጹ ሲታደስ የቻቱ ምልክት «ላክ» ከሚለው ቁልፍ ላይ ተደርቦ ይሆናል፣ ወይም ደንበኞች የሚጽፉት መልእክት መንገድ ላይ እየቀረ ይሆናል። ይህን መጀመሪያ የሚያየው ቻት ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ነው፤ ለቴክኒክ ክፍል ማሳወቅም የእሱ ሥራ ነው።

የጥበቃው ሰዓት በየመድረኩ ይለያያል። የድረ ገጽ ቻት ገጹ ከተዘጋ ሊጠፋ ይችላል። ቴሌግራም ላይ መልእክቱ ደንበኛው እስኪመለስ እዚያው ይቆያል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ጥያቄውን ጥሎ ወደ ሌላው መሄድ ይችላል። ዋትስአፕ ለድርጅቶች በሚሰጠው አገልግሎት ደግሞ ደንበኛው ለመጨረሻ ጊዜ ከጻፈ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ድርጅቱ አስቀድሞ ከጸደቀ የመልእክት ቅጽ ውጭ በነፃነት መጻፍ አይችልም። ነገ እመለስበታለሁ ብሎ የተወ ሠራተኛ በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል።

ማስታወሻው አጥብቆ የሚያሳስበው አንድ ነገር የሚጠፋ ሳይሆን የሚመለስ ደንበኛን ይመለከታል። ከረጅም ዝምታ በኋላ «እሺ፣ ቀጥሉ» የሚል መልእክት ሲመጣ የሚጽፈው ያው ሰው መሆኑን ማን ያውቃል? ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ቀርቶ ሌላ ሰው አንሥቶት ይሆናል፤ ቻቱ የተከፈተው በኢንተርኔት ቤት ኮምፒዩተር ላይም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀደም ሲል ማንነቱ ተረጋግጦ እንኳ ቢሆን ማረጋገጫው እንደገና ይጠየቃል። በዝምታው ጊዜም የሂሳብ ቀሪ ወይም የግብይት ዝርዝር በቻቱ ላይ አይጻፍም፤ ማን እያነበበው እንደሆነ አይታወቅምና።

አሥር ደቂቃው ለባንክ ይበቃል፤ ለሁሉም ቦታ ግን አይሠራም። የሰው ሕይወት በሚጠበቅበት አገልግሎት ዝምታ ራሱ እንደ መልእክት ይወሰዳል። በእንግሊዝ አገር ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥር 999 በሞባይል የደወለና መናገር የማይችል ሰው ሲጠየቅ 55 ከተጫነ ጥሪው ወደ ፖሊስ ይተላለፋል፤ አሠራሩ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። አጥቂው አጠገቡ ቆሞ ድምፅ ማውጣት ለማይችል ሰው ተብሎ የተዘጋጀ ነው። የባንክ ሠራተኛ ይህን ያህል ኃላፊነት የለበትም፤ ሆኖም ደንበኛው ከመጥፋቱ በፊት «አንድ ሰው አስገድዶኝ ብር እየላክሁ ነው» ወይም «ሂሳቤ ውስጥ የማላውቀው ሰው ገብቷል» ብሎ ከሆነ ቻቱ በሰዓት አይዘጋም። ሠራተኛው ወዲያውኑ ለቡድን መሪው ያሳውቃል።

አንባቢም ከጠረጴዛው ወዲያ ሲሆን ሊረዳ ይችላል። በቻት እርዳታ ስትጠይቁ ከሰላምታው ጋር በዚያው መልእክት ጉዳዩን፣ የገንዘቡን መጠን፣ ቀኑንና የግብይት ቁጥሩን ጻፉ። ቁጥሩን ቻቱን ከመክፈታችሁ በፊት ፈልጋችሁ አዘጋጁት። የሚስጥር ቁጥራችሁን ግን ማንም ቢጠይቃችሁ አትጻፉ።