ቁልፉ የሚገባው ቃል

ጥርሱን ሲያመው ያደረ ሰው ማለዳ ስልኩን ከፍቶ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ድረ ገጽ ላይ ደረሰ እንበል። ከላይ «ያግኙን»፣ መሐል ላይ «ተጨማሪ ያንብቡ»፣ ከቅጹ ሥር ደግሞ «ላክ» የሚሉ ቁልፎች አሉ። በቋንቋ ረገድ እንከን የላቸውም፤ የመጣበትን ጉዳይ ግን አንዳቸውም አልነኩም። «ያግኙን» ሲጫን ስልክ ይደወላል፣ ካርታ ይከፈታል ወይስ ሌላ ቅጽ ይመጣል? በእኔ እምነት ቁልፍ ላይ መጻፍ ያለበት ከተጫነ በኋላ በእርግጥ የሚሆነው ነገር ነው፤ እሱም ድርጅቱ ከሚፈልገው ሳይሆን ደንበኛው ከሚያገኘው አንጻር።

በድረ ገጽ ሙያ በተደጋጋሚ የሚጠቀስ አንድ ምሳሌ አለ። ጃሬድ ስፑል የተባለው የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ አንድ ትልቅ የኢንተርኔት መደብር ገዢዎችን ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት «ተመዝገብ» በሚል ቁልፍ ያስቆማቸው ነበር። ቁልፉ «ቀጥል» በሚል ተተካ፤ ለመግዛት መመዝገብ ግዴታ አለመሆኑን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍም ተጨመረ። ገዢዎች በ45 በመቶ ጨመሩ። ብዙዎች ከዚህ የሚወስዱት «ቀጥል» የተባለውን ቃል ብቻ ነው፤ እኔ ይህን ስሕተት እለዋለሁ። የተለወጠው ቃሉ ብቻ ሳይሆን ግዴታውም ነው። «ተመዝገብ» መደብሩ የፈለገውን ሲናገር፣ «ቀጥል» ገዢው ሊሄድበት የተነሳውን መንገድ ከፈተለት።

ወደ ክሊኒኩ እንመለስ። ቃል ከመምረጥ በፊት መጠየቅ ያለበት ቅጹ ተሞልቶ ሲላክ ማን እጅ እንደሚገባ ነው። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ሠራተኛ መዝገቧን አይታ መልሳ የምትደውል ከሆነ «ቀጠሮ ይያዙ» የሚለው ቁልፍ እውነት አይደለም፤ ገና የተያዘ ቀጠሮ የለምና። ትክክለኛው «ቀጠሮ ይጠይቁ» ነው፤ ከሥሩም «በሥራ ሰዓት ደውለን ቀኑንና ሰዓቱን እናሳውቅዎታለን» የሚል አንድ መስመር ይበቃዋል። ከተጫነ በኋላ የሚመጣው ገጽም «ተሳክቷል» ሳይሆን «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ ስልካችንን ይጠብቁ» ማለት አለበት። ቃሉና አሠራሩ ሲለያዩ ምልክቱ ሪሴፕሽን ላይ ይታያል፦ «ቀጠሮዬ ተይዟል ወይ?» የሚሉ ጥሪዎች ይበዛሉ፣ አንድ ሰው ያንኑ ቅጽ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይልካል፣ ሳይደወልለት በር ላይ የሚደርስ ታካሚም አይጠፋም። ደንበኛው ራሱ ክፍት ሰዓት የሚመርጥበት ሥርዓት ካለ ግን «ቀጠሮ ይያዙ» ይሠራል፤ የመጨረሻው ቁልፍም «የሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት ቀጠሮ ይያዙ» ቢል ይሻላል። እዚህ ላይ ሰዓቱ በደንብ መታየት አለበት። ሥርዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር 10:00 ብሎ ካሳየ ታካሚው ከቀኑ 10 ሰዓት ሊመጣ ይችላል፤ ቀጠሮው ያለፈው ከስድስት ሰዓት በፊት ነው።

የግሡ ቅርጽም የራሱ ጣጣ አለው። «ላክ» ለአንድ ወንድ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ ሴቶችን ያስቀራል፣ በዕድሜ የገፉትንም ያስቀይማል። «መላኪያ» ጾታ አይለይም፤ ነገር ግን የዕቃ ስም እንጂ ጥሪ አይመስልም። ስለዚህ ለአገልግሎት ሰጪ «ይጠይቁ»፣ «ይደውሉ»፣ «ይምረጡ» የሚለውን የአክብሮት ቅርጽ እመርጣለሁ፤ በመላው ገጽ ላይም ሳይቀያየር መቆየት አለበት።

የድርጅት ባለቤቶች ሁለት ተቃውሞ ያነሳሉ። አንደኛው አማርኛ ረጅም ስለሆነ ትንሽ ስክሪን አይበቃውም የሚል ነው። ቁልፉ ሁለት መስመር ቢይዝ ችግር የለውም፤ ፊደሉን ከማሳነስ ይሻላል። ሁለተኛው ጠንከር ያለ ነው፦ «የደንበኛ ጉዳይ ብዙ ነው፤ ‹ያግኙን› ግን ሁሉንም ይይዛል።» ሁሉን መያዙ ነው ችግሩ። ብዙው ሰው የሚመጣበት አንድ ጉዳይ ጎልቶ ይቀመጥ፤ ዋጋ ማየትና አድራሻ መፈለግ በየስማቸው፣ «ዋጋ ይመልከቱ»፣ «በካርታ ይምሩኝ» ተብለው ከሥሩ በቀላል መልክ ይከተሉ። በስክሪን አንባቢ የሚጠቀም ዓይነ ስውር ብዙ ጊዜ የገጹን ሊንኮች ነጥሎ በዝርዝር ያዳምጣል፤ አራት ጊዜ «ተጨማሪ ያንብቡ» ቢሰማ ስለ ጥርስ ነቀላ የሚያወራው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። «ስለ ጥርስ ነቀላ ያንብቡ» የሚለው ለሁሉም ይጠቅማል።

ቃል የማያድነው ሁኔታም አለ። ሪሴፕሽኑ ሥራ በዝቶበት የተላከውን ቅጽ ከቀናት በኋላ የሚያየው ከሆነ «ቀጠሮ ይጠይቁ» የሚለውም ሐሰት ይሆናል። ያኔ ቅጹን ከገጹ አንስቶ «ወደ ክሊኒኩ ይደውሉ» የሚል፣ ሲጫን በቀጥታ የሚደውል አንድ ቁልፍ መተው፣ ከሥሩም ስልክ የሚነሳበትን ሰዓት መጻፍ ይሻላል።